በአቋም መከራከርና በፍላጎት ላይ ተመሥርቶ መደራደር፦ ልዩነቱ በእህል ገበያ ምሳሌ ሲብራራ

ድርድር ማለት ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የሆኑ ወገኖች አንዱ ከሌላው የሚፈልገው ነገር ሲኖር በንግግር ወደ ስምምነት ለመድረስ የሚያደርጉት ጥረት ነው። ተከራይ ከአከራይ፣ ሠራተኛ ከአሠሪ፣ ወራሾች እርስ በርሳቸው፣ ሸማች ከነጋዴ ጋር በየጊዜው ይደራደራሉ። አብዛኛው ሰው ድርድር ሲባል ቶሎ ወደ አእምሮው የሚመጣለት የገበያ ክርክር ነው። ሻጭ ከፍ ያለ ዋጋ ይጠራል፤ ገዥ ዝቅ ያለ ዋጋ ይሰጣል፤ ጥቂት ከተባባሉ በኋላ መሀል ላይ ይገናኛሉ ወይም ሳይስማሙ ይለያያሉ።

ይህ ዓይነቱ አካሄድ በአቋም ላይ የተመሠረተ ድርድር ይባላል። ከዚህ የተለየ ሌላ አካሄድም አለ፤ እርሱም በፍላጎት ላይ የተመሠረተ ድርድር ይባላል። ይህ ጽሑፍ የሁለቱን ልዩነት ስለ ጉዳዩ ቀደም ሲል ምንም ላልሰማ አንባቢ በአንድ ቀላል የገበያ ምሳሌ ያብራራል። በምሳሌው ውስጥ የተጠቀሱት ዋጋዎች ለማስረጃነት ብቻ የተወሰዱ በመሆናቸው የወቅቱን የገበያ ዋጋ አያመለክቱም።

አቋም እና ፍላጎት ምን ማለት ናቸው?

አቋም ማለት አንድ ወገን "ይህን እፈልጋለሁ" ወይም "ከዚህ አልወርድም" ብሎ በግልጽ የሚያቀርበው ጥያቄ ነው። ብዙውን ጊዜ በቁጥር፣ በቀን ወይም በአንድ የተወሰነ ነገር ይገለጻል። "በ14,000 ብር ነው የምሸጠው" የሚለው ንግግር አቋም ነው። "እስከ ወሩ መጨረሻ ቤቱን ልቀቅ" የሚለውም አቋም ነው።

ፍላጎት ደግሞ ያንን አቋም እንዲይዝ ያደረገው ምክንያት ነው። ሰውየው በ14,000 ብር ካልሸጥሁ ያለው ለምንድን ነው? ምናልባት ላበደረው ሰው የሚከፍለው ገንዘብ ስላለበት ይሆናል፤ ምናልባት ባለፈው ሳምንት ገዥ አታልሎት ስለ ነበረ ይሆናል፤ ምናልባትም ዋጋው በሚቀጥለው ሳምንት ይጨምራል የሚል ግምት ስላለው ይሆናል። አቋሙ አንድ ቢሆንም ከበስተጀርባው ያለው ፍላጎት ልዩ ልዩ ሊሆን ይችላል፤ መፍትሔውም እንደ ፍላጎቱ ይለያያል።

ሁለቱን ለመለየት የሚረዳ አንድ ቀላል መመዘኛ አለ። የቀረበው ጥያቄ ሊሟላ የሚችለው በአንድ መንገድ ብቻ ከሆነ አቋም ነው። ከአንድ በላይ በሆነ መንገድ ሊሟላ የሚችል ከሆነ ግን ፍላጎት ነው። "12,000 ብር ብቻ ነው የምከፍለው" የሚለው በአንድ መንገድ ብቻ ይሟላል። "በየወሩ ለጤፍ የማወጣው ጠቅላላ ወጪ ካለኝ ገቢ እንዳይበልጥ እፈልጋለሁ" የሚለው ግን ዋጋ በመቀነስ፣ የማጓጓዣ ወጪን በማስቀረት፣ የክፍያ ጊዜን በማስተካከል ወይም በሌላ መንገድ ሊሟላ ይችላል።

ምሳሌ፦ እንጀራ ጋጋሪዋ እና እህል ነጋዴው

በአዲስ አበባ መርካቶ አካባቢ በሚገኘው እህል በረንዳ አንዲት እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ ሴት ከአንድ የእህል ነጋዴ አንድ ኩንታል፣ ማለትም 100 ኪሎ ግራም፣ ነጭ ጤፍ ልትገዛ ቀርባለች እንበል። ጋጋሪዋ ለምግብ ቤቶች እንጀራ የምታቀርብ ሲሆን በወር አራት ኩንታል ገደማ ጤፍ ትጠቀማለች። ነጋዴው በዕድሜ ከእርሷ የሚበልጡ ሰው ናቸው። ሁለቱ ከዚህ በፊት አይተዋወቁም።

መጀመሪያ ድርድሩ በአቋም ላይ ተመሥርቶ ሲካሄድ እንመልከት።

ጋጋሪዋ ጤፉን በእጇ ዘግና ካየች በኋላ፣ "ጋሼ፣ ይሄ በስንት ነው?" ስትል ትጠይቃለች።

"14,000 ነው፣ እህቴ።"

"በ12,000 ይስጡኝ።"

"በ12,000ማ እኔም አላገኘሁትም። ለገበያ መክፈቻ ብዬ 13,600 ላድርግልሽ።"

"12,400 እከፍላለሁ።"

ነጋዴው ወደ 13,300 ይወርዳሉ፤ ጋጋሪዋ ወደ 12,700 ከፍ ትላለች። "ከዚህ በኋላ አይወጣም" ይላሉ ነጋዴው። ጋጋሪዋ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ጥቂት እርምጃ ትሄዳለች። ነጋዴው መልሰው ይጠሯታል። በመጨረሻም በ13,000 ብር ይስማማሉ። ጋጋሪዋ ገንዘቡን ቆጥራ ትሰጣለች፤ ለተሸካሚና ለመኪና 300 ብር ከፍላ ጤፉን ወደ ቤቷ ታስጭናለች።

ይህ ድርድር አልከሸፈም። ሁለቱም ተስማምተዋል፤ ዋጋውም ከገበያው የራቀ አይደለም። ይሁን እንጂ ሦስት ነገሮችን ማስተዋል ይገባል።

አንደኛ፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች እውነተኛ አልነበሩም። ነጋዴው 14,000 ያሉት እንደምትከራከር ስለሚያውቁ ነው፤ ጋጋሪዋም 12,000 ያለችው እንደሚጨምሩባት ስለምታውቅ ነው። መሀል ላይ መገናኘት የሚለመድበት ገበያ ሁሉ መነሻውን ማራቅን ይሸልማል። ነጋዴው 15,000 ብለው ቢጀምሩ ኖሮ "መሀሉ" 13,500 ይሆን ነበር። በመሆኑም የመጨረሻው ዋጋ የጤፉን ዋጋ ብቻ ሳይሆን ማን ይበልጥ አጋንኖ እንደ ጀመረም የሚያሳይ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ወገን "ከዚህ አይወጣም"፣ "ከዚህ አልጨምርም" ባለ ቁጥር ቃሉን መመለስ እየከበደው ይሄዳል። ነጋዴው ጋጋሪዋን መልሰው ባይጠሯት፣ ወይም እርሷ ተጠርታ ለመመለስ ብታፍር ኖሮ ሁለቱም ሊጠቀሙበት የሚችሉት ግብይት በክብር ምክንያት ብቻ ይቀር ነበር።

ሦስተኛውና ዋናው፣ በድርድሩ ውስጥ የተነሣው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ዋጋ ነው። በአንድ ነገር ላይ ብቻ ሲከራከሩ አንዱ ያገኘው 100 ብር ሌላው ያጣው 100 ብር ነው። ጋጋሪዋ ለምን እንደምትገዛ፣ ነጋዴው ለምን እንደሚሸጡ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ምን እንደሚያስፈልጋቸው አልተነሣም።

ከቁጥሩ ጀርባ የነበረው

አሁን ሁለቱም ያልተናገሩትን እንመልከት።

ጋጋሪዋ እንጀራ የምታቀርብላቸው ምግብ ቤቶች የሚከፍሏት በወር ሁለት ጊዜ፣ በ15 እና በ30 ነው። በመሆኑም ከክፍያው ቀን አስቀድሞ ባሉት ቀናት እጇ ላይ ገንዘብ አይኖርም። ኩንታል መግዛት ሲያቅታት በሰፈሯ ካለ ሱቅ በኪሎ በ138 ብር ትገዛለች። በዚህ መንገድ በወር አንድ ኩንታል ያህል በችርቻሮ ትገዛለች፤ ይህም በኩንታል ሒሳብ 13,800 ብር ይሆናል። ሌላው ችግሯ የጤፉ መለዋወጥ ነው። ከተለያየ ቦታ የመጣ ጤፍ የውኃ አያያዙና ሊጡ የሚቦካበት ጊዜ ስለሚለያይ፣ ጤፍ በቀየረች ቁጥር የመጀመሪያው ቀን እንጀራ ዓይኑ ይደፈናል ወይም ይደርቃል፤ ደንበኞቿም ያማርራሉ።

ነጋዴው ደግሞ ጤፍ የሚያስጭኑላቸው ሰዎች በወር ሁለት ጊዜ፣ በ3 እና በ18 አካባቢ ይመጣሉ። በእነዚያ ቀናት በእጃቸው ጥሬ ገንዘብ ከሌለ ጭነቱ ለሌላ ነጋዴ ይሄዳል። ጤፍ እንደ በቆሎ በነቀዝ ቶሎ የሚጎዳ እህል ባለመሆኑ መበላሸቱ አያሳስባቸውም፤ የሚያሳስባቸው ጭነት መጥቶ የቀደመው ሳይሸጥ መቆየቱና ገንዘባቸው በመጋዘን ታስሮ መቅረቱ ነው። ከዚህ በፊት በዱቤ ሰጥተው ያልተከፈላቸው ስላለ ዱቤ የሚለውን ቃል መስማት አይወዱም። በሌላ በኩል በየሳምንቱ ለሱቆች የሚያደርሱበት መኪና በጋጋሪዋ ሰፈር በኩል ያልፋል።

የሁለቱ አቋሞች፣ 14,000 እና 12,000፣ ይጋጫሉ። ፍላጎቶቻቸው ግን በአብዛኛው አይጋጩም። እርሷ ገንዘብ የምታገኘው በ15 እና በ30 ነው፤ እርሳቸው ገንዘብ የሚፈልጉት በ3 እና በ18 ነው። እርሷ የማይለዋወጥ ጤፍ ትፈልጋለች፤ እርሳቸው የማይለዋወጥ ገዥ ይፈልጋሉ። እርሷ ለመኪና ትከፍላለች፤ የእርሳቸው መኪና በደጇ ያልፋል። ሁለቱም ይህን ሳያውቁ ስለ ዋጋ ልዩነት ሲከራከሩ ቆይተዋል።

በፍላጎት ላይ የተመሠረተው ድርድር እንዴት ይካሄዳል?

ያው ግብይት በሌላ መንገድ ቢጀመር የሚከተለውን ሊመስል ይችላል።

ጋጋሪዋ ነጋዴው 14,000 ሲሉ ወዲያውኑ ሌላ ቁጥር አትጠራም። "ጋሼ፣ እኔ እንጀራ ጋግሬ ለምግብ ቤት ነው የማቀርበው። በወር አራት ኩንታል ያህል እወስዳለሁ። ችግሬ ግን ምግብ ቤቶቹ የሚከፍሉኝ በ15 እና በ30 ስለ ሆነ ነው" ትላለች።

ነጋዴው ፈገግ ብለው፣ "እህቴ፣ ዱቤ አልሰጥም" ይላሉ።

ይህም አቋም ነው። ጋጋሪዋ እዚህ ላይ ብትከራከር ወይም ብትቆጣ ንግግሩ ያበቃል። ይልቁንም ምክንያቱን ትጠይቃለች፦ "ዱቤ የሚያስቸግርዎት ገንዘቡ ስለሚዘገይብዎት ነው ወይስ የሚከፍለው ሰው ስለሚጠፋብዎት?"

"ሁለቱም ነው። ጭነት የሚመጣልኝ በ3 እና በ18 ነው፤ ያን ቀን ብር ከሌለኝ ጭነቱ ያመልጠኛል። ደግሞ ሰጥቼ የቀሩብኝ አሉ።"

በዚህ አንድ መልስ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ፍላጎቶች ወጥተዋል። አንዱ ገንዘቡ በጊዜው መድረሱ ነው፤ ሁለተኛው ገንዘቡ ጨርሶ አለመጥፋቱ ነው። "ዱቤ አልሰጥም" የሚለው ቃል ሁለቱንም አንድ ላይ ሸፍኗቸው ነበር። ሲለያዩ ግን ለእያንዳንዱ መልስ መፈለግ ይቻላል። ለመጀመሪያው መልሱ የክፍያውን ቀን ከጭነቱ ቀን ማስቀደም ነው። ለሁለተኛው መልሱ በአንድ ጊዜ የሚያዘውን ዕዳ መገደብና ስምምነቱን በጽሑፍ ማድረግ ነው።

ልብ ሊባል የሚገባው ጋጋሪዋ የጠየቀችበት አኳኋን ነው። "ለምን አይሰጡኝም?" ብላ ብትጠይቅ ነጋዴው እንደ ወቀሳ ሊቆጥሩት ይችሉ ነበር። ሁለት ሊሆኑ የሚችሉ ምክንያቶችን አቅርባ የትኛው እንደሆነ መጠየቋ ግን ችግራቸውን ለመረዳት እንደምትፈልግ ያሳያል፤ ለመመለስም ይቀላል።

ከዚህ በኋላ ስለ ዋጋው ይነጋገራሉ። እዚህ ላይ ፍላጎታቸው በእርግጥ ይጋጫል፤ እርሷ ማነሱን፣ እርሳቸው መብዛቱን ይመርጣሉ። ይህን በመግፋትና በመሳብ ከመወሰን ይልቅ ሁለቱም ሊያረጋግጡት የሚችሉት መመዘኛ ይፈልጋሉ። በመጨረሻም ተመሳሳይ ጤፍ የሚሸጡ ሦስት የአካባቢው መደብሮች በርክክቡ ቀን በጥሬ ገንዘብ የሚሸጡበትን ዋጋ ጠይቀው አማካዩን ለመውሰድ ይስማማሉ። በዚያ ቀን ዋጋዎቹ 12,900፣ 13,000 እና 13,100 ብር ሆነው ይገኛሉ። አማካዩ 13,000 ብር ነው።

የሁለቱ ስምምነቶች ንጽጽር

ሁለተኛው ስምምነት በአጭሩ እንዲህ ነው። ነጋዴው በወር አራት ኩንታል ጤፍ፣ በ1፣ በ8፣ በ16 እና በ23 አካባቢ፣ በራሳቸው መኪና ያደርሳሉ፤ ጋጋሪዋ የምታወርድ ሰው ታዘጋጃለች። በ1 እና በ8 የወሰደችውን በ16 ትከፍላለች፤ በ16 እና በ23 የወሰደችውን በቀጣዩ ወር በ1 ትከፍላለች። የቀደመው ሳይከፈል ቀጣዩ አይደርስም። በመሆኑም ነጋዴው በማንኛውም ጊዜ እርሷ ዘንድ የሚኖራቸው ከሁለት ኩንታል ዋጋ፣ ማለትም ከ26,000 ብር ገደማ፣ አይበልጥም። ጤፉ የሚመጣበት ቦታ ሲለወጥ ነጋዴው አስቀድመው አንድ ኪሎ ለሙከራ ይልካሉ። ዋጋው በየርክክቡ ቀን በሦስቱ መደብሮች አማካይ ይወሰናል።

እዚህ ላይ አንባቢው አንድ ነገር ሊያስተውል ይገባል። በመጀመሪያው ድርድር የተገኘው ዋጋ 13,000 ብር ነበር፤ በሁለተኛውም 13,000 ብር ነው። ዋጋው አልተለወጠም፤ ስምምነቱ ግን ተለውጧል።

ጋጋሪዋ በፊት በወር ሦስት ኩንታል ከገበያ ስታስጭን በእያንዳንዱ 300 ብር፣ በድምሩ 900 ብር ታወጣ ነበር። በችርቻሮ ለምትገዛው አንድ ኩንታል ደግሞ ከ13,000 በላይ 800 ብር ትጨምር ነበር። በአዲሱ ስምምነት ይህ 1,700 ብር በየወሩ ይቀርላታል። ይህ ገንዘብ ከነጋዴው ኪስ አልወጣም፤ በማጓጓዣና በችርቻሮ ልዩነት ሲባክን የነበረ ነው። ነጋዴው በበኩላቸው ከገበያው ዋጋ ሳይቀንሱ በወር አራት ኩንታል የሚወስድ ቋሚ ደንበኛ አግኝተዋል፤ ገንዘባቸውም ጭነት ከሚመጣበት ቀን ሁለት ቀን አስቀድሞ ይደርሳቸዋል።

በፍላጎት ላይ የተመሠረተ ድርድር ከሌላው የሚለየው በዚህ ነው። ሌላውን ወገን በዋጋ ማሸነፍ ወይም ለእርሱ መራራት አይደለም። ለአንዱ ብዙ የሚጠቅም ለሌላው ግን ጥቂት የሚያስወጣ ነገር ፈልጎ መለዋወጥ ነው። የመኪናው ጉዳይ ለጋጋሪዋ 900 ብር ነው፤ ለነጋዴው ግን በመንገዱ ላይ ለጥቂት ደቂቃ መቆም ነው።

ይህ አካሄድ ከየት መጣ?

በአቋምና በፍላጎት መካከል ያለው ልዩነት በሰፊው የታወቀው ሮጀር ፊሸር እና ዊልያም ዩሪ የተባሉ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ድርድርን ያጠኑ ምሁራን "ጌቲንግ ቱ የስ" የተሰኘውን መጽሐፍ በ1981 እ.ኤ.አ. ካሳተሙ በኋላ ነው። ምሁራኑ ከጠቀሷቸው ምሳሌዎች አንዱ በግብፅና በእስራኤል መካከል የነበረው የሲና ድርድር ነው። እስራኤል ሲናን በ1967 እ.ኤ.አ. ጦርነት ይዛ ነበር። ግብፅ መሬቱ በሙሉ እንዲመለስላት ትጠይቅ ነበር፤ እስራኤል ደግሞ ከፊሉን ይዛ ለመቅረት ትፈልግ ነበር። በካርታ ላይ የሚሰመር ማንኛውም የድንበር መስመር አንዱን ወገን የሚያስቆጣ ነበር።

ከአቋሞቹ ጀርባ ያሉት ፍላጎቶች ግን የተለያዩ ነበሩ። የግብፅ ፍላጎት ሉዓላዊነቷ ነበር፤ የእስራኤል ፍላጎት የግብፅ ታንኮች በድንበሯ አጠገብ እንዳይሰፍሩ ነበር። በ1978 እ.ኤ.አ. በካምፕ ዴቪድ በተደረገው ድርድርና በቀጣዩ ዓመት በተፈረመው የሰላም ውል ሲና ሙሉ በሙሉ ወደ ግብፅ እንዲመለስ፣ በአካባቢው የሚሰፍረው የጦር ኃይል ግን እንዲገደብ ተስማሙ። መሬቱን መሀል ለመሀል ቢካፈሉ ኖሮ የሁለቱም ፍላጎት ባልተሟላ ነበር።

ምን መግለጽ፣ ምንስ አለመግለጽ ይገባል?

ጀማሪ ተደራዳሪዎች ከሚፈጽሙት ስሕተት አንዱ ፍላጎትን መግለጽና የመጨረሻ ወሰንን መግለጽ አንድ አድርጎ ማየት ነው። ጋጋሪዋ ገንዘብ የምታገኘው በ15 እና በ30 መሆኑን መናገሯ ለመፍትሔው አስፈላጊ ነበር። "እስከ 13,400 ብር ድረስ ልከፍል እችላለሁ" ብትል ግን ነጋዴው ከዚያ በታች የሚወርዱበት ምክንያት አይኖራቸውም። ፍላጎት ይነገራል፤ የመጨረሻ ወሰን ግን በልብ ይያዛል።

የመጨረሻ ወሰን የሚወሰነው በምኞት ሳይሆን ስምምነት ባይደረስ በሚኖረው አማራጭ ነው። ጋጋሪዋ ከዚህ ነጋዴ ጋር ባትስማማ ከጎረቤቱ መደብር በ13,100 ብር መግዛት ትችላለች፤ ከ300 ብር ማጓጓዣ ጋር 13,400 ብር ይሆንባታል። ስለዚህ ጤፉ ቤቷ ድረስ የሚደርስላት ከሆነ ከ13,400 ብር በታች የሆነ ማንኛውም ዋጋ ከአማራጯ የተሻለ ነው፤ ከዚያ በላይ የሆነው ግን አይደለም። ወደ ድርድር ከመቅረቧ በፊት ሌሎች መደብሮችን መጠየቋ ይህን እንድታውቅ አስችሏታል። አማራጩን ሳያውቅ የሚደራደር ሰው ጥሩውን ስምምነት አልፎ ሊሄድ ወይም መጥፎውን ሊቀበል ይችላል።

ሌላው ስሕተት አቋምን በፍላጎት ስም ማቅረብ ነው። "የእኔ ፍላጎት 12,000 ብር መክፈል ነው" የሚል ሰው አቋሙን እንጂ ፍላጎቱን አልተናገረም። ከላይ የተገለጸው መመዘኛ፣ ማለትም "ይህ በስንት መንገድ ሊሟላ ይችላል?" የሚለው ጥያቄ፣ ወዲያውኑ ይለየዋል።

የተደረሰበት ስምምነትም ቢሆን በግልጽ ካልተጻፈ ሊፈርስ ይችላል። በምሳሌው ላይ ምግብ ቤቶቹ ክፍያውን ቢያዘገዩ ጋጋሪዋ ለነጋዴው መቼና እንዴት እንደምታሳውቅ፣ ለስንት ጊዜ መዘግየት እንደሚፈቀድና ከዚያ በኋላ ምን እንደሚሆን አስቀድሞ መወሰን አለበት። ለምሳሌ ክፍያ ሁለት ጊዜ ከዘገየ ግብይቱ ወደ ጥሬ ገንዘብ ይመለሳል ብሎ መስማማት ይቻላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1731 እንደሚደነግገው በሕግ አግባብ የተቋቋመ ውል በተዋዋዮቹ ላይ እንደ ሕግ ይጸናል። በመሆኑም የተስማሙበት ነገር ምን እንደሆነ በማያሻማ ቃል መስፈሩ ለሁለቱም ወገን መተማመኛ ነው።

ይህ አካሄድ የማይሠራው መቼ ነው?

በፍላጎት ላይ የተመሠረተ ድርድር ለሁሉም ጉዳይ አይስማማም። አንድ ሰው በጉዞ ላይ ሳለ ዳግም ከማያገኘው ነጋዴ አንድ ጥንድ ጫማ ቢገዛ፣ ከዋጋው በቀር የሚነጋገሩበት ነገር የለም። በዚህ ጊዜ የተለመደው የዋጋ ክርክር አጭርና በቂ ነው። ምክንያትን የመጠየቁ አካሄድ ጊዜ ይወስዳል፤ ጊዜው የሚክሰው ግንኙነቱ የሚቀጥል ወይም ከዋጋ ሌላ የሚስተካከል ጉዳይ ያለ ሲሆን ነው።

ሌላው ወገን ለጥያቄ መልስ የማይሰጥ፣ የሰማውን ፍላጎት ለማስፈራሪያ የሚጠቀም ወይም ቃሉን የማይጠብቅ መሆኑ ሲታወቅም የሚገለጸውን መወሰንና በአማራጭ ላይ መተማመን ይሻላል። ይህን ለማወቅ ትንሽ ነገር በመንገር መጀመር ይቻላል። አንዱ ስለ ራሱ ጉዳይ አንድ ነገር ሲናገር ሌላውም አንድ ነገር የሚናገር ከሆነ ንግግሩ ወደፊት ይሄዳል። ከሁለት ወይም ከሦስት ጥያቄ በኋላም የሚመለሰው ያው ቁጥር ብቻ ከሆነ ድርድሩ በአቋም ላይ እንደቆመ መረዳት ይገባል።

በሕግ የተወሰነ ጉዳይ ደግሞ ለየትኛውም ዓይነት ድርድር አይቀርብም። በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በደንብ ወይም በመመሪያ የተወሰነ የአገልግሎት ክፍያ በተገልጋዩና በባለሙያው ስምምነት ሊቀነስም ሊጨመርም አይችልም። ተገልጋዩ ተመኑ ተገቢ አይደለም የሚል ቅሬታ ካለው የሚያቀርበው በቅሬታ ሰሚ ክፍል በኩል እንጂ በመስኮት ላይ በመከራከር አይደለም።

ከድርድር በፊት የሚደረግ ዝግጅት

ከላይ የተገለጸውን በሌሎች ጉዳዮች ላይ ለመጠቀም የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ አራት ነገሮችን ጽፎ መቅረብ ይችላል።

1. የምጠይቀው ምንድን ነው፤ ያንን የምጠይቀውስ ለምንድን ነው?
2. ሌላው ወገን ምን ይጠይቃል፤ ምክንያቱስ ምን ሊሆን ይችላል? ይህ ግምት በመሆኑ በድርድሩ ወቅት በጥያቄ መረጋገጥ አለበት።
3. ካልተስማማን የሚኖረኝ የተሻለ አማራጭ ምንድን ነው?
4. በሚያጋጨን ነገር ላይ ሁለታችንም የምንቀበለው መመዘኛ ምን ሊሆን ይችላል?

ለምሳሌ አከራይ የቤት ኪራይ በ2,000 ብር ልጨምር ሲል ተከራዩ "አልጨምርም" ብሎ ከመመለሱ በፊት ምክንያቱን ቢጠይቅ፣ አከራዩ ለቤቱ ጣራ ማደሻ ገንዘብ አስፈልጎት እንደሆነ ሊያውቅ ይችላል። ያን ጊዜ የጥቂት ወራት ኪራይ አስቀድሞ መክፈል የኪራዩን መጠን ሳይለውጥ የአከራዩን ችግር ሊፈታ ይችል ይሆናል። ምክንያቱ በአካባቢው ኪራይ መጨመሩ ከሆነ ደግሞ መልሱ ሌላ ነው፤ ተመሳሳይ ቤቶች በስንት እንደሚከራዩ አብሮ ማጣራት ይሆናል። 2,000 ብር የሚለው ቁጥር በሁለቱም ሁኔታ አንድ ነው፤ የሚለየው "ለምን?" ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ነው።